ዶሮ ወጥ በዘጠኝ ስላይድ፦ ከግብዓቱ እስከ ማዕዱ

የእህቴ ልጅ ዱባይ ነው የምትሠራው። ለገና ዶሮ ወጥ መሥራት ፈልጋ፣ አያቷ አጋሮ ላይ የምትሠራውን አሠራር በስልክ እየገፋች እንድታየው በተከታታይ ስላይድ አድርጌ እንድልክላት ጠየቀችኝ። እኔም ከእናቴ ጓዳ ገብቼ ፎቶ አነሳሁ፤ በየፎቶው ላይም አጫጭር ጽሑፍ አስገብቼ ላክሁላት። በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«አክስቴ፣ ወጡ ተለያየብኝ። ሽንኩርቱ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ሆነ።»

«ሽንኩርቱን ምን ያህል አቁላላሽው?»

«እንደጻፍሽው ነዋ፣ 15 ደቂቃ።»

ስላይዱን ከፍቼ አየሁት። እውነትም 15 ደቂቃ ይላል። እናቴ ግን ሽንኩርቱን ያቁላላችው ለአንድ ሰዓት ያህል ነበር። ሦስት ጊዜ ፎቶ አንስቼ ወጥቼ ስገባ ሰዓቱን አልያዝሁትም፤ በኋላ በግምት ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ ያንን ተከታታይ ስላይድ እንደገና ሠርቼዋለሁ። አሁን እያንዳንዱ የአሠራር ስላይድ ሦስት ነገር ብቻ ይይዛል፤ አንድ ሥራ፣ አንድ ልክ፣ አንድ ምልክት። ሥራው የሚደረገው ነው። ልኩ ኪሎ፣ ማንኪያ ወይም ደቂቃ ነው። ምልክቱ ደግሞ ያ ሥራ ማለቁን በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በማማሰያው የምናውቅበት ነው። ከሦስቱ የሚረሳው ምልክቱ ነው፤ ወጥ የሚያበላሸውም እሱ መረሳቱ ነው።

ለምን ደቂቃ ብቻ አይበቃም? ለአጋሮ የምትቀርበው ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ዱባይ ባሕር ዳር ስለሆነች እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከጅማም ከፍ ስለምትል ከ94ም በታች ይፈላል። ስለዚህ መረቅ ውስጥ ያለ ሥጋ ጅማ ላይ የሚፈልገው ጊዜና ዱባይ ላይ የሚፈልገው ጊዜ አንድ አይደለም። በዚህ ላይ የከሰል ምድጃው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ የሸክላ ድስቱና የብረት ድስቱ ይለያያል። ደቂቃው ከጓዳ ጓዳ ይቀየራል፤ ምልክቱ ግን የትም ቢሆን ያው ነው።

ከዚህ በታች ዘጠኙን ስላይድ በየተራ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ በስላይዱ ላይ የሚጻፈውን ቃል፣ ቀጥሎ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ እናያለን። ዘጠኝ ያደረግኋቸው በቴሌግራም በአንድ ጊዜ በጥቅል የሚላከው ከ10 ምስል ስለማይበልጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈልና ተከታዩ ይጠፋል። ኢንስታግራም እስከ 20 ይፈቅዳል፤ ዘጠኙ ግን በሁለቱም ቦታ ይሠራል።

ስላይድ 1፦ ሽፋን

> ዶሮ ወጥ
> የአጋሮ ቤት አሠራር
> ለ8 ሰው • 3 ሰዓት ተኩል

በሽፋኑ ላይ ያለቀው ወጥ ፎቶ ይገባል። ከፎቶው ሌላ አንባቢው ወዲያው ሊያውቀው የሚገባ ሁለት ነገር አለ፤ ለስንት ሰው ነው፣ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል። ጊዜውን ማሳነስ አያስፈልግም። እንግዳ ለስድስት ሰዓት ጠርታ በአራት ሰዓት ተኩል ድስት የምትጥድ ሴት የምትጠቀመው ሦስት ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅ አስቀድማ ስታውቅ ነው። በአንድ ሰዓት ያልቃል ብለን ብንጽፍላት እንግዳው ሲደርስ ሽንኩርቷ ገና አልቀለጠም።

ስለ ፎቶው አንድ ነገር ልበል። ዶሮ ወጥ ጥቁር ቀይ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ሲነሳ ብርቱካናማ ይሆናል ወይም ጠቁሮ ያረረ ይመስላል። አምፖሉን አጥፍቶ ድስቱን ወደ መስኮት ወይም ወደ በር ማስጠጋትና በቀን ብርሃን ማንሳት ይሻላል። ዘጠኙም ፎቶ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ከተነሱ የቀለሙ ለውጥ ራሱ ያስተምራል፤ በርበሬው ከደማቅ ቀይ ወደ ጥቁር ቀይ ሲሄድ አንባቢው በዓይኑ ይከተለዋል። እንፋሎት የስልኩን ሌንስ ስለሚያደበዝዝ ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት በጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል።

ስላይድ 2፦ ግብዓት

> ዶሮ 1 (12 ብልት)
> ሎሚ 3፣ ጨው
> ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ
> በርበሬ 150 ግራም
> ንጥር ቅቤ 250 ግራም
> ነጭ ሽንኩርት 60 ግራም
> ዝንጅብል 30 ግራም
> እንቁላል 8
> መከለሻ 1 የሻይ ማንኪያ
> ኮረሪማ 1 የሻይ ማንኪያ

ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው ሥራ ላይ የሚውሉበት ነው፤ መከለሻና ኮረሪማ ከታች የተቀመጡት መጨረሻ ላይ ስለሚገቡ ነው። ይህ ስላይድ ገበያ ላይ ስልኩን አውጥቶ ለሚያይ ሰው ጭምር ስለሆነ ዓረፍተ ነገር አያስፈልገውም።

ልኩ በሚዛን የተጻፈው ማንኪያና ሲኒ ከቤት ቤት ስለሚለያዩ ነው። «ማንኪያ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የሻይ ነው የሾርባ? በሁለቱ መካከል የሦስት እጥፍ ልዩነት አለ። በርበሬ ላይ ይህ ልዩነት ወጡን የሚበላና የማይበላ ያደርገዋል። ሚዛን ለሌለው ሰው 150 ግራም በርበሬ ከ18 እስከ 20 የሾርባ ማንኪያ ይሆናል፤ ማንኪያው ሙሉ ሆኖ ከላይ የተስተካከለ መሆን አለበት።

ሽንኩርቱ የበዛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንድ ዶሮ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት። ነገር ግን ወጡን የሚያወፍር ዱቄት ወይም ሌላ ነገር የለም፤ የወጡ አካል ሽንኩርቱ ራሱ ነው። ሽንኩርት በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሲቁላላ ድስት ሙሉ የነበረው ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ኪሎ ቀንሶ የሚጀምር ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ቀጭን መረቅ ነው።

ጨው ያለ ልክ የተጻፈው ሆነ ብዬ ነው። ቤት የተዘጋጀ በርበሬ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጨው አለ፤ የእያንዳንዱ ቤት መጠን ይለያያል። ጨው የሚጨመረው ዶሮው ከገባ በኋላ ተቀምሶ ነው።

ስለ ኮረሪማም መናገር ያለብኝ አለ፤ ይህ ቅመም የእኛ አገር ነውና። ኮረሪማ በጅማ፣ በካፋና በአካባቢው ጫካ ውስጥ ከቡናው ጋር በአንድ የዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ከነቅርፊቱ የደረቀ ፍሬና የተፈጨ ዱቄት። ከነቅርፊቱ ያለውን ግዙ። ቅርፊቱ ሲሰበር ውስጡ ቡናማ፣ ለስላሳና አንጸባራቂ ዘር ይወጣል፤ በጣት ሲታሽ ሽታው ወዲያው አፍንጫ ላይ ይደርሳል። ዘሩ የተጨማደደና ታሽቶ የማይሸት ከሆነ ያረጀ ነው። የተፈጨው ግን መዓዛው በአየር ላይ እየበነነ ስለሚያልቅ መቼ እንደተፈጨ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ወጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ልጦ፣ ዘሩን በትንሹ አሙቆ መውቀጥ ይበቃል። መከለሻው ውስጥ የሚገባው ጥምዝም ከዚያው ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የሚመጣ ነው። በጅማ ሂርማታ ገበያ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

ስላይድ 3፦ ዶሮውን ማዘጋጀት

> ቆዳውን ገፍፈህ በ12 ብልት አውጣ።
> በሎሚና በጨው እሽ፣ 20 ደቂቃ ይቆይ።
> ምልክት፦ የታጠበበት ውሃ ጥርት ሲል።

በሚገባ ያልታጠበ ዶሮ የወጡን ሽታ ይለውጠዋል፤ ያንን ምንም ቅመም አይደብቀውም። ቆዳው የሚገፈፈው ስቡ ወጡ ላይ እንዳይንሳፈፍ ነው፤ ላባ ለመጨረስ እሳት ላይ ለብለብ የተደረገ ከሆነም ያ ሽታ ከቆዳው ጋር ይወጣል። ሎሚው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ኮምጣጣው ወጡ ውስጥ ይቀራል። «ጥርት ሲል» የሚለው ምልክት ያስፈለገው ስንት ጊዜ መታጠብ እንዳለበት ቁጥር መስጠት ስለማይቻል ነው። አንዱ ዶሮ በአራት ውሃ ይጠራል፣ ሌላው ስምንት ይፈልጋል።

ፎቶው ላይ አሥራ ሁለቱ ብልት በትሪ ላይ ተዘርግተው መታየት አለባቸው። ቆራርጦ የማያውቅ ሰው ከጽሑፍ ይልቅ ከዚህ ፎቶ ይማራል። ለጅማና ለአካባቢው ይህ ስላይድ ሌላም ነገር ያስታውሳል። እዚህ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ አጥር ይኖራል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ወገን ያረደውን ይበላል። ጎረቤት የሚጋበዝ ከሆነ ማን እንደሚያርድ የሚወሰነው ዶሮው ከመገዛቱ በፊት ነው።

ስላይድ 4፦ ሽንኩርቱን ማቁላላት

> ሽንኩርቱን አድቅቀህ ያለ ቅቤ ጣል።
> በመካከለኛ እሳት፣ 1 ሰዓት ገደማ። ሲይዝ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርግ።
> ምልክት፦ ማማሰያው ያሰመረው መስመር ቶሎ ሳይዘጋ ሲቆይ።

የእህቴ ልጅ ወጥ የተበላሸው እዚህ ነው። የወጥ መሠረቱ ቁሌቱ ነው፤ ቁሌቱ ካልሆነ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ሁሉ ማስታመም ነው። ቅቤ መጀመሪያ የማይገባበት ምክንያት አለ። ቅቤ ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱን ይለብሰውና ጠርዙ ይጠበሳል፤ ክትፋቱ ሳይሟሟ እንደ ቅርጹ ይቀራል። ያለ ቅቤ ሲቁላላ ግን በራሱ ውሃ ይበስላል፣ ይለሰልሳል፣ ይፈርሳል፤ ቀጥሎ ውሃው ይተንና ጣፋጭነቱ ይቀራል።

በመጀመሪያው 15 ደቂቃ ሽንኩርቱ ውሃውን ያወጣል፤ በዚህ ጊዜ ለማያውቅ ሰው የበሰለ ይመስላል። መልኩ ነጣ ያለ፣ ሽታው የሚቆጠቁጥ ነው። ገና ነው። ከዚያ ውሃው ይመጥጥና ሽንኩርቱ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ከድስቱ መራቅ የለም፤ እያማሰሉ ሲይዝ ሙቅ ውሃ በሾርባ ማንኪያ ጠብ ማድረግ ነው። መልኩ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ሽታው ይጣፍጣል። የድስቱን ታች በማማሰያ ስናሰምር መስመሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ውሃው አልቋል፤ ሽንኩርቱ ወዲያው ተመልሶ ከሞላው ገና ይቀረዋል።

ውሃው ሙቅ እንዲሆን የተባለው ቀዝቃዛ ውሃ የድስቱን ሙቀት ስለሚያወርድና ሥራውን ወደ ኋላ ስለሚመልስ ነው። ጎን ላይ አንድ ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ይዞ መጀመር ጥሩ ነው። ከዚህ እስከ መጨረሻው የሚገባው ውሃ ሁሉ ከእሱ ይቀዳል።

ለዚህ ስላይድ አንድ ፎቶ አይበቃም። ምስሉን ለሁለት ከፍዬ በግራ 15ኛውን ደቂቃ፣ በቀኝ 60ኛውን ደቂቃ አስገባሁ። በግራው ላይ «ገና ነው»፣ በቀኙ ላይ «ደረሰ» ብዬ ጻፍሁ። ከዘጠኙ ስላይዶች ሁሉ ሰው መልሶ የሚያየው ይህንን ነው።

ስላይድ 5፦ በርበሬ

> ግማሹን ቅቤ፣ ቀጥሎ በርበሬውን ጨምር።
> በቀስታ እሳት 30–40 ደቂቃ፤ ሙቅ ውሃ በትንሽ በትንሹ።
> ምልክት፦ ጥሬ ሽታው ሲጠፋ፣ ቅቤው በዳር ሲወጣ።

እሳቱ እዚህ ዝቅ ማለት አለበት። በርበሬ ቶሎ ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ ይመራል። ጥሬ በርበሬ ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፣ ያስነጥሳል፤ ሲበስል ያ ይጠፋና ሽታው ይሰክናል፣ ቀለሙ ይጠቁራል። በድስቱ ዳር ቀይ ቅቤ ተለይቶ ሲታይ በርበሬው በቅቷል።

ካረረ እንዴት ይታወቃል? ጥቋቁር ነጠብጣብ ይታያል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ በማንኪያ ጫፍ ሲቀመስ ምላስ ላይ መራራነት ይቀራል። ታችኛው ብቻ ከያዘ ድስቱን ሳይፍቁ ላዩን ወደ ሌላ ድስት መገልበጥ ያድነዋል። ምሬቱ ሙሉ በሙሉ ከገባበት ግን ስኳርም ውሃም ቅቤም አይመልሰውም። ዶሮውን ሳያስገቡ እንደገና መጀመር ይሻላል፤ ሽንኩርትና በርበሬ ቢጠፋ ዶሮው ይተርፋል። ይህንን በስላይዱ ግርጌ በአንዲት መስመር ጽፌዋለሁ፦ «ከመረረ ዶሮ አታስገባ።»

ስላይድ 6፦ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል

> የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምር።
> 10 ደቂቃ አማስል።
> ምልክት፦ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ከበርበሬው ጋር አንድ ሲሆን።

ይህ አጭር ሥራ ነው፤ ስላይዱም አጭር ነው። ለብቻው ያደረግሁት ከበርበሬው ጋር በአንድ ስላይድ ሲጻፍ ሰው አብሮ ስለሚጨምረው ነው። ነጭ ሽንኩርት በርበሬው እስኪበስል ያን ሁሉ ጊዜ እሳት ላይ ከቆየ መዓዛው ይሞታል። በተለየ ስላይድ ላይ ሲሆን ግን አንባቢው ያንን ገጽ ሳይገፋ ወደዚህኛው አይደርስም። የስላይድ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ቅደም ተከተሉን በጣት ያስጠብቃል።

ስላይድ 7፦ ዶሮው ሲገባ

> ዶሮውንና ቀሪውን ቅቤ ጨምር፤ የዶሮውን ግማሽ እስኪደርስ ሙቅ ውሃ።
> የፈረንጅ ዶሮ 30 ደቂቃ፣ የሐበሻ ዶሮ 1 ሰዓት ወይም በላይ። ጨው ቅመስ።
> ምልክት፦ የቅልጥሙ ሥጋ ከአጥንቱ ጫፍ ሲሸሽ።

የሁለቱ ዶሮዎች ልዩነት ካልተጻፈ ይህ ስላይድ ግማሹን ሰው ያሳስታል። የፈረንጅ ዶሮ በሳምንታት የደረሰ፣ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ አንድ ሰዓት ከቆየ ከአጥንቱ ተላቅቆ ወጡ ውስጥ ይበተናል። የሐበሻ ዶሮ ደግሞ ግቢ ውስጥ ሲጭር የኖረ፣ ጡንቻው የጠነከረ ነው፤ በ30 ደቂቃ ከወጣ ጥርስ አይሰብረውም። የአጋሮና የጅማ ሰው ለበዓል የሚመርጠው የሐበሻውን ነው፤ ዱባይ ያለችው ልጅ ግን ከሱቅ የምታገኘው ሌላውን ነው። የአያቷን ሰዓት ተከትላ ብትሠራ ዶሮዋ ይፈርስባት ነበር።

ምልክቱ ለሁለቱም ይሠራል። ሥጋ ሲበስል ይሰበሰባል፤ የቅልጥሙ አጥንት ጫፍ እያደር ይራቆታል። የጣት ጥፍር ያህል ከተራቆተና ቢላ ያለ ትግል ከገባ በስሏል። በዚህ ስላይድ ፎቶ ላይ ያ የተራቆተ አጥንት ቀርቦ መታየት አለበት።

ስላይድ 8፦ መከለሻ፣ ኮረሪማ፣ እንቁላል

> የተቀቀለውን እንቁላል ልጠህ በቢላ ጫር ጫር አድርግ፤ ጨምር።
> መከለሻና ኮረሪማ ነስንስ፤ 10 ደቂቃ።
> ምልክት፦ ቅቤው ከላይ ሲንሳፈፍ።

እንቁላሉ አስቀድሞ የተቀቀለ ነው፤ ጅማ ላይ ውሃው ከፈላ በኋላ 12 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ጫር ጫር የሚደረገው ወጡ እንዲገባበት ነው። ጭረቱ አስኳሉ ላይ ከደረሰ ግን እንቁላሉ ይፈርሳል፤ ነጩን ብቻ መንካት አለበት። ከአሥር ደቂቃ በላይ ወጡ ውስጥ ከፈላ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል።

ኮረሪማው ከመጀመሪያው ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ሄዶ ያልቃል፤ የምናገኘው ጣዕሙን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሲገባ ክዳኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። እናቴ ኮረሪማውን ነስንሳ ወዲያው ትከድነዋለች። የሷን ቤት ወጥ ከሌላው የምለየው በዚህ ሽታ ነው።

ስላይድ 9፦ አቀራረብ

> እሳቱን አጥፍተህ ከድነህ 20 ደቂቃ አሳርፈው።
> በአብሲት በደንብ በተሠራ ትኩስ እንጀራ፣ ከአይብ ጋር።
> ለአንድ ሰው አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል።

የመጨረሻው ስላይድ ዋና ምክር አንድ ነው፤ ማሳረፍ። ከእሳት እንደወረደ የሚቀርብ ወጥ ቀጭን ነው። 20 ደቂቃ ሲያርፍ ይወፍራል፣ እንቁላሉም ይስባል። ሲወጣ መጀመሪያ ቁሌቱ እንጀራው መሐል ይፈስሳል፣ ቀጥሎ ብልቱ ይቀመጣል፣ እንቁላሉ በመጨረሻ። ፈረሰኛው ለአባወራው ይቆያል። አይቡ ከዳር ይቀመጣል፤ በርበሬው ለሚያቃጥለው ሰው ውሃ ከመጠጣት ይልቅ አይብ ይጠቅመዋል። በእኛ አካባቢ ማዕዱ ሲነሳ ቡናው ቀጥሎ ስለሚፈላ፣ ወጡ በሚያርፍበት 20 ደቂቃ ቡናውን አጥቦ ለመቁላት ማዘጋጀት ጊዜው ነው።

ፊደሉ እንዲነበብ

ስላይዱ ሲሠራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፊደል መጠን ነው። የእኛ ፊደል የሚለየው በትንሽ ምልክት ነው፤ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ቅጥያዋ መሐል ላይ ወይም ታች ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለእኛ አይበቃም። ምስሉ 1080 በ1350 ፒክስል ከሆነ ስልኩን ክንድ ዘርግተን ይዘን ማንበብ መቻል አለብን፤ ምክንያቱም የሚያነብበው ሰው እጁ በሽንኩርት ተይዞ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሞታል። ጽሑፉ ሲበዛ ፊደሉ ያንሳል፤ ስለዚህ ወይ ቃሉን መቀነስ ወይ ስላይዱን ለሁለት መክፈል ነው። ጽሑፉ በቀይ ወጥ ላይ ሳይሆን ነጣ ባለ ሰሌዳ ላይ ይቀመጥ። ለጅማ አንባቢ ሁለተኛ ቅጂ በአፋን ኦሮሞ መሥራትም ጥሩ ነው፤ «ኢቶ ሉኩ» ብሎ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነውና።

ሁለተኛውን ቅጂ ለእህቴ ልጅ ስልክላት ወዲያው ለሌላ ሰው አላሰራጨሁትም። ለፋሲካ እሱን እያየች ሠራች፤ እኔም እየደወልሁ የት ላይ እንደቆመች ጠየቅሁ። አንድ ቦታ ብቻ ቆመች፤ ስላይድ 7 ላይ ያኔ «ዶሮው እስኪነካ» ይል የነበረው አልገባትም። «ውሃው ዶሮውን እስኪሸፍነው ነው ወይስ ግማሹን እስኪነካ?» አለችኝ። ግማሹን ነው። አሁን ስላይዱ «የዶሮውን ግማሽ እስኪደርስ» ይላል። እናንተም ስላይዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ወጥ ሠርቶ ለማያውቅ አንድ ሰው ላኩለትና ሲሠራ ስልካችሁን ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁ። ደውሎ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ስላይዱ ላይ የጎደለችው መስመር ናት፤ እሷን ጻፏት።